የግራዝማች ንጉሤ አልቅት

ጌጤ የምትታወቀው በውሃ ነበር። ቀወት ውስጥ፣ ከሮቢ ወንዝ ብዙ በማይርቅ መንደር ተወልዳ፣ እንስራ መሸከም ከቻለችበት ጊዜ ጀምሮ ውሃ ቀጂ ናት። አገባች፤ ባሏን ወባ ገደለባት፤ ሰው ቤት ገባች፤ ሥራዋ ግን ያው ውሃ ነው። ቆላ ላይ ውሃ መቅዳት ጎንበስ ብሎ መጨለፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ አልቅት የያዘው በሬ አፉን ከፍቶ ደም ሲያዝረበርብ አላየም። በበጋ ወንዙ ቀጥኖ ውሃው በየጉድጓዱ ሲተኛ አልቅት ይበዛል። ክር የሚያክለው ከውሃ ጋር ይገባና ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ደም እየጠጣ ያብጣል። ስለዚህ ጌጤ የቀዳችውን ሁሉ በታጠፈ ጨርቅ ሳታጠልል ማድጋ ውስጥ አትገለብጥም። ጨርቁንም ፀሐይ ላይ ዘርግታ ትመረምረዋለች። እሷ ያጠለለችውን ውሃ ጠጥቶ አልቅት ያዘኝ ያለ ሰው አልነበረም። በዚህ ትንሽ ትኮራ ነበር፤ ይገባታልም።

የገባችበት ቤት ሸዋ ሮቢት ያለው የንጉሤ ቤት ነው። ንጉሤ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ድንበር እየገፋ ከጎረቤት ጋር ሲካሰስ የሚውል ባለ ማሽላ ማሳ ነበር። ጣሊያን በካራቆሬ በኩል ብቅ ሲል አገሩ ሁሉ ከብቱን እየነዳ ወደ ገደሉ ሲሸሽ፣ እሱ ሙክት እየጎተተ ሊቀበል ወጣ። ለሙክቱ ግራዝማችነት ሰጡት። ሰው በግንባሩ ቆስሎ የሚያገኘውን ማዕረግ ይሄ በበግ ላት ገዛው። ሰዉም ጠመንጃውን እየፈራ «ግራዝማች፣ እርስዎ» ይለው ጀመር። እዚህ ታሪክ ላይ ግን አንቱታውን አያገኝም።

ጌጤ ከዚያ ቤት ያልወጣችው ወዳ አይደለም። ይልማ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት፤ አባትና እናታቸው ሲሞቱ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። ጣሊያን ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን መንገድ ሲያሠራ ይልማ ድንጋይ ተሸካሚ ሆኖ ተወሰደ። ከዚያ ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ተባለና ሸዋ ሮቢት ገበያ መሃል ተሰቀለ። ጌጤም ቆማ እንድታይ ተደረገ። ገመዱን የጎተቱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ ከጎናቸው ቆሞ አዋጁን በአማርኛ ያሰማው ግን ንጉሤ ነው።

«ለሽፍታ ለቅሶ የለም!» አለ። «ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ ደረቱን የመታ፣ ሙሾ ያወረደ፣ ነገ እሱም እዚሁ ይንጠለጠላል!»

ወንድሟ የተሰቀለባት ሴት ከዚያ ቤት ሥራ ብትለቅ «ወዴት ሄደች? ከማን ጋር ተገናኘች?» ይባላል። ስለዚህ ጌጤ ዕለቱን እንስራዋን ተሸክማ ተመለሰች። ውሃውን አጠለለች፣ ለንጉሤም በዋንጫ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠችው። እሱም ጠጣና «ቀዝቃዛ ነው» ብሎ አመሰገናት። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ከክረምቱ በኋላ አርበኞቹ በረቱ። የካራቆሬው ሹም፣ እሱም እንደ ንጉሤ ጣሊያን የሾመው፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተገድሎ ተገኘ። ወሬው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ንጉሤ ጥርሱን እየፋቀ ነበር። «እኔ እንደ እሱ አልዘናጋም» ብሎ ሳቀ። የአጥሩን እሾህ በእጥፍ አሳደገ፣ ዘበኛ ጨመረ፣ መኝታውን ከመስኮቱ አራቀ። በዚያው ሳምንት ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር ተቀመጠበት።

«ሎሚ የሚያክል ነገር እዚህ ጋ ተሰንቅሯል» እያለ ማንቁርቱን በጣቱ ይነካል። ይጠራርጋል፣ እህህ ይላል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ደግሞ ይውጣል፣ ደግሞ እህህ ይላል። እንግዳ ሲመጣ እህህ፣ የጣሊያኑ ሹም ሲያስጠራው እህህ፣ ውሻ ሲጮኽ እህህ። የሚገርመው ግን ገበታ ሲቀርብ ነው። ሥጋውን ይጎርሳል፣ ገንፎውን ያወርዳል፣ አንድም ነገር አያንቀው። እያላመጠ ሳለ ሕመሙን ይረሳዋል። እጁን ታጥቦ ብቻውን ሲቀመጥ ሎሚው ይመለሳል።

የሸዋ ሮቢት ሰው ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ አሰበ፤ አልቅት። ንጉሤም ወዲያው አባ ኢብሮን አስጠራ። አባ ኢብሮ በቀወት ቆላ ከከብትም ከሰውም ጉሮሮ አልቅት በማውጣት ስሙ የተጠራ ሽማግሌ ነው። ሥራውንም በእርግጥ ያውቀዋል። አልቅት ውሃ ይወዳል፤ ስለዚህ በሽተኛው ውሃ ይከለከላል፣ ምግብም አይቀምስም። የትምባሆ ውሃ ጉሮሮው ውስጥ ይንጠባጠብለታል። ከዚያ በጣም ሲጠማው አፉን ከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላበት ገበቴ ላይ እንዲያጎነብስ ይደረጋል። አልቅቱ የውሃው ቅዝቃዜ ሲሸተው ብቅ ይላል፤ ያኔ በጨርቅ ይዞ መሳብ ነው።

ገበቴውን የሞላችው ጌጤ ናት። ግራዝማች ንጉሤ፣ የአገር ሹም፣ በአራት እግሩ ተንበርክኮ፣ ምላሱን ጎልጉሎ፣ ለሃጩን ውሃው ላይ እያንጠባጠበ ዋለ። ዘበኞቹ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አባ ኢብሮ አንዴ ወደ ጉሮሮው ያጮልቃል፣ አንዴ «ና ውጣ፣ ና ብቅ በል» እያለ አልቅቱን ያባብላል። ማንም ብቅ አላለም። የንጉሤ አፍ በጥሙ ደረቀ፣ ትምባሆው ጉሮሮውን ላጠው፣ ደረቁን በዋጠ ቁጥር ሎሚው ብርቱካን አከለ። ከሕክምናው በፊት ከነበረው ብሶበት ተነሣ።

አባ ኢብሮ «የለም» ማለት ነበረበት። ግን ስም ያለው ሰው አይደል? «ገብቷል፣ ወደ ውስጥ ገብቷል» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ቀጥሎ የጣሊያን ሰፈር ሐኪም ዘንድ ተኬደ። ንጉሤ ከሰው ቤት ውሃ ስለማይጠጣ ጌጤ ቅሏን ይዛ ተከተለች፤ ከድንኳኑ በር ላይም ቆመች። ሐኪሙ ትንሽ መስታወት በብረት ዘንግ ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ በመብራት አየ። አንገቱን ዙሪያውን ዳሰሰ። ተክሌ በሚባል አስተርጓሚ በኩል ጠየቀው። ምግብ ያንቅሃል? አያንቀኝም። ስትውጥ ያምሃል? አያመኝም። ደም ተፍተሃል? አልተፋሁም። ከስተሃል? የንጉሤ ቦርጭ ቀድሞ መለሰ።

«ምንም የለም ይሉዎታል» አለ ተክሌ። «አልቅት የለም፣ አጥንት የለም፣ እብጠት የለም። ጉሮሮን ዙሪያውን የያዙት ጡንቻዎች ተጨምድደዋል ነው የሚሉት። ሰው ሲጨነቅ ትከሻው እንደሚከብደው፣ ይሄም እንደዚያው ይጠብቃል። ምራቅዎን ደጋግመው በዋጡ፣ እህህ ባሉ ቁጥር ይብስብዎታል። ይብሉ፣ ውሃ ፉት ይበሉ፣ ይረፉ። ጭንቀቱ ሲቀል ይሄም ይቀላል። ምግብ ካነቀዎት ወይ ደም ካዩ ግን ይመለሱ።» ተክሌ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ያስፈራዎታል? ብለው ይጠይቃሉ።»

በሩ ላይ የቆመችው ጌጤ እጇ ሳታዘው ወደ አንገቷ ሄደ። ይህን ነገር ታውቀዋለች። ከዚያ ከገበያው ዕለት ጀምሮ እሷም ማንቁርቷ ላይ አንድ የማይወርድ ነገር ተቀምጧል። እንጀራ ያልፈዋል፣ ውሃ ያልፈዋል፣ እሱ ግን አይሄድም። ብቻዋን ወንዝ ዳር ስትሆን፣ ንጉሤም ደጅ ቆሞ ስሟን ሲጠራ ይጠነክራል። አልቅት አለመሆኑን የምታውቀው በራሷ ጨርቅ ስለምታምን ነው። ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትናገር? ለእሷ ሐኪም የሚጠራ፣ ገበቴ የሚሞላ ማን አለ?

«ለሐኪሙ ንገረው!» ብሎ ጮኸ ንጉሤ። «ግራዝማች ንጉሤ ማንንም አይፈራም በለው!»

ሌላ ምን ይበል? ፈራሁ ካለ የሚፈራ ሹም ለጣሊያን ምን ይሠራለታል? ዛሬ የሾመው ነገ ይሽረዋል። ጠመንጃው ከደጁ የተነሣበት ዕለት ደግሞ አርበኞቹ በጠራራ ፀሐይ ይመጣሉ። ስለዚህ ጉሮሮው ውስጥ አልቅት መኖር አለበት፤ የግድ! አልቅት ካለ ደግሞ ያጠጣው ሰው አለ። በመንገድ ላይ ዞር ብሎ ጌጤን ሲያያት እሷም ነገሩ የት እንደሚደርስ ገባት።

«ፈረንጅ አልቅት የት ያውቃል?» አለ። «ውሃዬን የምታጠልዪው አንቺ ነሽ አይደል?»

በማግስቱ ወሬው ወጣ። ጌጤ የወንድሟን ደም ለመበቀል ያልተጣራ ውሃ አጠጥታ አልቅት አስዋጠችው፤ አርበኞች አዘዋት ነው። ለጣሊያን ተላልፋ ከተሰጠች የሚጠብቃት ያው የይልማ ገመድ ነው። ንጉሤ ግን ነገሩን በራሱ አፍ ብቻ መጨረስ አልፈለገም። አሽከርና ጌታ ሲካሰሱ በሽማግሌ ፊት መቅረብ የአገሩ ወግ ነው። ሽማግሌዎቹ ጥፋተኛ ናት ካሉለት አገሩ ራሱ አሳልፎ ሰጣት ይባላል፤ ደሟም በእሱ እጅ ላይ አይታይም። ክፉ ሰው ንጹሕ መምሰልን እንዴት ይወዳል!

በንጉሤ ግቢ ሾላ ሥር ተቀመጡ። ከእስላሙ ወገን ሼህ አብዱረሂም፣ ከክርስቲያኑ አቶ ተሰማ፣ ሌሎችም የሁለቱ ወገን ሽማግሎች። አባ ኢብሮ ለምስክርነት ተጠርቷል። የሰፈሩ ሴቶችና ወንዶች አጥሩ ሥር ቆመዋል። ንጉሤ በወንበር ላይ ሆኖ እህህ እያለ ክሱን አሰማ። አባ ኢብሮም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አልቅት ነው፣ ወደ ውስጥ ገብቷል» አለ።

ጌጤ ተነሣች። «በሕግ አምላክ! አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ፣ ልጄ» አሉ ሼህ አብዱረሂም።

«ግራዝማች፣ ምግብ ያንቅዎታል?»

«አያንቀኝም።»

«ደም ተፍተው ያውቃሉ?»

ንጉሤ እህህ ብሎ ምራቁን ዋጠ። ሼሁ ወደ አባ ኢብሮ ዞሩ። «ኢብሮ፣ ወላሂ በልና ንገረን። አልቅት ጉሮሮ ውስጥ ይሄን ሁሉ ጊዜ ደም ሳያስተፋ ይከርማል?»

አባ ኢብሮ ጺሙን ጎተተ። ለስሙ ሲል ሊዋሽ ይችላል፤ ወላሂ ብሎ ግን አይዋሽም። «ወላሂ፣ አይከርምም» አለ በመጨረሻ። «ከምራቁ ጋር ደም ይመጣል። እኔም ስፈልግ ደም አላየሁም።»

ግቢው ተንጫጫ። ጌጤ ቀጠለች። «ሐኪሙም ይህንኑ ብሏል። ከጭንቀት ነው፣ ጉሮሮ ተጨምድዶ ነው ብሏል። ቆሜ ሰምቻለሁ። ግራዝማች፣ ሲበሉ ይቀልዎታል፣ ብቻዎን ሲሆኑ ይጠናብዎታል።»

«ተክሌ አሳስቶ ተርጉሞ ነው!» አለ ንጉሤ።

እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ሐኪሙ ትክክል ነበር፤ ግን በዚያ ግቢ ውስጥ የጣሊያን ቃል የሚያምን አንድ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የጣሊያን ቃልማ ማስረጃ አይሆነንም» አሉ። ጣሊያን ቆላውን ሲያቃጥል ከርሞ በዚያች ቀን እውነት ቢናገር ማን ይስማው?

ንጉሤ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ጠይቋት እንጂ! እኔ ስበላ እንደሚቀለኝ፣ ብቻዬን ስሆን እንደሚጠናብኝ በምን አወቀች? ጉሮሮዬ ውስጥ ገብታ አየችው? ያደረገ ነው የሚያውቀው!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ጌጤ የምትመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነበራት፤ እሱንም ብትናገር ሌላ ገመድ ነው። ዝም ብትል በአልቅቱ ትሰቀላለች፣ ብትናገር በወንድሟ። ፈርታለች። ከፍርሃቱ ግን ንዴቱ በለጠባት። ይሄ በገበቴ ላይ ለሃጩን ሲያዝረበርብ የዋለ ሰው፣ የእሷን ሕመም የራሱ ብቻ አድርጎ ሊሰቅላት!

«የማውቀው እኔም ስላለብኝ ነው» አለች።

«እዚህ ጋ ነው።» ማንቁርቷን ያዘች። «እበላለሁ፣ ያልፋል። እጠጣለሁ፣ ያልፋል። እሱ ግን ተቀምጧል። ይልማን ገበያ መሃል ከሰቀሉት ዕለት ጀምሮ ነው። ላልቅስ ስል ከዚህ ደርሶ ቀረ። ዋጥኩት፣ በየቀኑ እውጠዋለሁ፣ አይወርድም። እኔን ደግሞ ማን አልቅት አጠጣኝ? የምጠጣው ከአንድ ማድጋ ነው።»

«ለምን አላለቀስሽም፣ ልጄ?» አሉ ሼህ አብዱረሂም፤ መልሱን እያወቁት።

«ተከልክዬ ነዋ! እርስዎም ቆመው ሰምተዋል። አዋጁን ያሰማው ይሄው ከፊትዎ ተቀምጧል።»

የሼሁ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ለሞተ ሰው የሚባለውን አሉና ከተቀመጡበት ተነሡ። ወደ ጌጤ ሄደው በፊቷ ቆሙ። «ይልማ ደጉ ልጅ ነበር። ከገበያው ዕለት ጀምሮ አንቺን ሳላጽናና መቅረቴ ሲያሳፍረኝ ኖሯል። አላህ ያጽናሽ።»

አቶ ተሰማም ተነሡ። ምንም አልተናገሩም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገለበጡና እንደገና ለበሱት። በዚያ አዋጅ በአንገት የሚያስቀጣው ይህ ነበር። ቀጥሎ አንዱ ሽማግሌ አዘቀዘቀ፣ ቀጥሎ ሌላው። አጥሩ ሥር የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ሲገለብጡ የጨርቁ ድምፅ ተሰማ። አንዷ «ይልማ!» ብላ ጀመረች፤ የቀሩት ተቀበሏት። ጌጤ ደረቷን መታች። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ለቅሶም አይመስል፣ የተሰነጠቀ ነገር ነው፤ ከዚያ ግን ወጣ፣ እስኪበቃት ወጣ። ወንድሟን በስሙ ጠራችው፣ አዝላ እንዳሳደገችው ተናገረች፣ ማንም ሊያስቆማት አልቻለም።

ንጉሤ «ዝም በሉ! ዝም በሉ ብያለሁ!» እያለ ነበር። ዘበኞቹን አየ፤ ዘበኞቹ የእናቶቻቸውን ልቅሶ ይሰሙ ነበርና አልተነቃነቁም። ሄዶ ለጣሊያን ሊናገር ይችል ነበር። ግን ማንን ብሎ ይናገር? ሁለቱን ወገን፣ ሽማግሎቹን በሙሉ፣ አገሩን በሙሉ? ከዚያስ በኋላ በየትኛው መንገድ ይሂድ፣ ከየትኛው ቤት እሳት ይጫር? የካራቆሬው ሹም ታወሰው። ተቀመጠ። አልፈራም ብሎ የካደው ፍርሃት አንድ ጊዜ ለሰው ጠቀመ፤ አፉን አዘጋው፣ ጌጤንም ከገመዱ አወጣ።

ሽማግሌዎቹ አልቅት የለም ብለው ፈረዱ። ጌጤ በዚያው ዕለት እንስራዋን ጥላ ወደ ቀወት ወደ ዘመዶቿ ሄደች። የጉሮሮዋ ነገር በአንድ ልቅሶ ተጠርጎ አልጠፋም። ሰነበተ፣ ላላ፣ በገበያ ቀን ይመለስ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ሳታስበው የምትውልበት ቀን በዛ። ንጉሤ ግን አልቅት መፈለጉን አልተወም። እንጥሉን አስቆረጠ፤ ሎሚው አለ። ኮሶ ጠጣ፤ ሎሚው አለ። ጣሊያን ሲወጣ ከአገር ጠፋ፤ ያዩት ሰዎች እንደሚሉት በሄደበትም እህህ እያለ ነበር።

ጌጤ ካረጀች በኋላ አንዲት የጎረቤት ልጅ «የሁለታችሁ አንድ በሽታ ከሆነ አላሳዘነሽም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለምን ያሳዝነኛል?» አለች ጌጤ። «እኔን አታልቅሺ ያለኝ እሱ ነው። እሱን ፈራሁ እንዳይል ማን ከለከለው?»